ከመመረቂያ ጽሑፍ ወደ መጽሔት፦ የተመሳስሎ ፍተሻና የራስን ጽሑፍ መልሶ የመጠቀም ታሪክ

መግቢያ

አንድ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ያቀረበውን ጥናት አሳጥሮ ለመጽሔት ቢልክ፣ ቀደም ባለው ጊዜ አርታኢው የሚጠይቀው ጥናቱ ለአንባቢ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለውን ነበር። ዛሬ ግን በብዙ መጽሔቶች ዘንድ ጽሑፉ ከገምጋሚ እጅ ከመድረሱ በፊት በኮምፒዩተር ይፈተሻል። ፍተሻውም አንድ የመቶኛ ቁጥር ይዞ ይመለሳል። ቁጥሩ መጽሔቱ ካስቀመጠው ጣሪያ በላይ የሆነ እንደሆነ ጽሑፉ ሳይነበብ ለባለቤቱ ሊመለስ ይችላል። ይህ የሚጎዳው በተለይ የመጀመሪያ ጽሑፉን ለማሳተም የሚጥረውን ወጣት መምህር ነው፤ እድገቱ በታተሙ ሥራዎቹ የሚወሰን ሲሆን፣ ሊያሳትመው የሚችለው የበሰለ ሥራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ሰው ከራሱ ይሰርቃልን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መልሱ ከዘመን ወደ ዘመን ተለዋውጧል። ይህ ጽሑፍ ለውጡ እንዴት እንደመጣ በአጭሩ ለመቃኘት ይሞክራል። መነሻ ሐሳቡም የሚከተለው ነው፦ የመመረቂያ ጽሑፍን ወደ መጽሔት መጣጥፍ መለወጥ ጥንትም ሆነ ዛሬ ያው አንድ ተግባር ነው፤ የተለወጠው የመመረቂያ ጽሑፉ የሚቀመጥበት ስፍራ ነው። ከመጻሕፍት ቤት መደርደሪያ ወጥቶ በኢንተርኔት ማከማቻ ሲቀመጥ፣ ቀድሞ የማይታየው መደጋገም ታየ። መታየቱ ግን ጥፋት አላደረገውም። ይህን ለማስረዳት በመጨረሻው ክፍል ከጉንደ ወይን አካባቢ ቃላዊ ግጥም ጋር የተያያዘ አንድ ምሳሌ ደረጃ በደረጃ ይታያል።

ከቅኔ ቤት እስከ ብራና

የተመሳስሎ ፍተሻ ለእኛ ምሁራዊ ባህል ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር ተደርጎ ሲቆጠር ይሰማል። መሣሪያው እንግዳ ቢሆንም ሐሳቡ ግን በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ከጥንት የኖረ ነው። የቅኔ ተማሪ በቆጠራ ጊዜ ለብቻው ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ያወጣል፤ በነገራ ጊዜ ደግሞ ቀርቦ ለመምህሩ ይናገራል። መምህሩ ቤቱን፣ ዜማውንና ምሥጢሩን ያርማል። ከዚህም ጋር ቅኔው ቀድሞ የተሰማ እንደሆነ ጆሮው ይለየዋል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የተናገረ ተማሪ ሌባ ይባላል። አንድ ጊዜ በጉባኤ የተባለ ቅኔም፣ የገዛ ራስ ቢሆን እንኳ፣ እንደ አዲስ ተመልሶ አይባልም። ለየበዓሉ አዲስ ቅኔ ያስፈልገዋል።

ይሁን እንጂ ይኸው ባህል የቀደምት ሊቃውንትን ቅኔ መጥቀስን አይከለክልም። የታወቁ ቅኔዎች ለማስተማሪያ ሲባሉ፣ የማን እንደሆኑና በምን አጋጣሚ እንደተባሉ አብሮ ይነገራል። እንግዲህ ቅኔ ቤት ሁለት ነገሮችን ለይቶ ይይዝ ነበር ማለት ነው፦ አሮጌውን አዲስ ነው ብሎ ማቅረብ ነውር ሲሆን፣ አሮጌነቱን ተናግሮ ማቅረብ ግን ትምህርት ነው። ይህ ልዩነት ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ ልብ ይለው ዘንድ እንጠይቃለን።

በብራና ጽሕፈት ዘንድ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነበር። ጸሐፊው የሚመሰገነው ከፊቱ ያለውን መጽሐፍ ሳያዛባ በመገልበጡ ነው። አጫጭር ዜና መዋዕሎች የቀደመውን ታሪክ እንዳለ ተቀብለው የራሳቸውን ዘመን ይቀጥሉበታል። ማንም ይህን ስርቆት አላለውም፤ ምክንያቱም አንባቢው ከእነዚህ መጻሕፍት የሚጠብቀው የታወቀውን ነገር ተጠብቆ ማግኘትን እንጂ አዲስነትን አልነበረም። ስለዚህ መደጋገም በራሱ ነውር ወይም ምግባር አይደለም። ነውር የሚያደርገው በአንባቢና በጸሐፊ መካከል ያለው ያልተጻፈ ውል ነው። የመጽሔት አንባቢ የሚጠብቀው እንደ ቅኔ ጉባኤው አዲስ ነገርን ነው። ታዲያ የመመረቂያ ጽሑፍ አንባቢስ ማን ነው?

የመመረቂያ ጽሑፍ ታትሟል ወይስ አልታተመም?

የመጽሔት አርታኢዎች «ቀድሞ የታተመ ነገር አንቀበልም» የሚለውን ደንብ አጥብቀው መያዝ የጀመሩት በሃያኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በዚህ ረገድ ስሙ ጎልቶ የሚጠራው ፍራንዝ ኢንገልፊንገር ነው። የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አርታኢ የነበረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 መጽሔቱ በሌላ ስፍራ የወጣን ግኝት እንደማያትም አስታወቀ፤ ደንቡም በስሙ ይጠራ ጀመር። ነገር ግን ደንቡ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ይተዋል። «መታተም» ማለት ምን ማለት ነው?

ለመመረቂያ ጽሑፍ ሲሆን መልሱ በየአገሩ የተለያየ ነበር። በጀርመን የዶክትሬት ተመራቂ ጽሑፉን ለሕዝብ ማውጣት የዲግሪው ግዴታ ሆኖ ቆይቷል። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1938 በአን አርበር ከተማ የተመሠረተው የዩኒቨርሲቲ ማይክሮፊልም ድርጅት የዶክትሬት ጽሑፎችን በፊልም አንሥቶ ለሚፈልግ ሁሉ መሸጥ ያዘ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩ ኢትዮጵያውያን ምሁራን ጽሑፎችም በዚሁ መንገድ ተሰራጭተዋል። ይህ ስብስብ ከጊዜ በኋላ ፕሮኩዌስት በሚባለው ድርጅት ሥር ሆኖ ወደ ኮምፒዩተር የተዛወረ ሲሆን፣ የዛሬዎቹ የፍተሻ መሣሪያዎች ከሚያመሳክሩባቸው ምንጮች አንዱ ሆኗል።

በአገራችን የነበረው ሁኔታ ከሁለቱም ይለያል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ሲቋቋም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ማለት በታይፕ የተመታና በጥቂት ቅጂ የተጠረዘ ሰነድ ነበር። አንዱ ቅጂ ለትምህርት ክፍሉ፣ አንዱ ለኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱም ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚቀመጥ ሲሆን፣ የሚያነበው ሰው አዲስ አበባ መጥቶ ከመደርደሪያ አስወርዶ የሚያነብ ብቻ ነበር። በደብረ ማርቆስ ወይም በቢቸና የሚያስተምር ሰው ስለገዛ አካባቢው የተጻፈውን ጥናት ለማየት ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል። በዚህ ሁኔታ የመመረቂያውን አንድ ምዕራፍ አሳጥሮ በመጽሔት ማውጣት ጥናቱን ለአንባቢ የማድረስ ብቸኛው መንገድ ስለነበር፣ ተማሪውን የሚነቅፈው ቀርቶ አማካሪው ራሱ «አሳትመው እንጂ» ይለው ነበር።

ከጊዜ በኋላ ግን ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፎችን በኢንተርኔት ማከማቻ ማስቀመጥ ጀመሩ። ጥቅሙ የማይካድ ነው፤ የተባለው መምህር አሁን ጽሑፉን ከጠረጴዛው ሳይነሣ ያነበዋል። ዳሩ ግን ከመምህሩ ጋር አብሮ የፍተሻ ማሽኑም አነበበው። በመደርደሪያ ላይ ሳለ «ያልታተመ» የተባለው ጽሑፍ፣ ለማንም ክፍት በሆነ ጊዜ ታትሟል ወይስ አልታተመም የሚለው ጥያቄ እንደገና ተነሣ። ከታላላቆቹ አሳታሚዎች አንዱ የሆነው ኤልሰቪየር ለዚህ የሰጠው መልስ ግልጽ ነው፦ ለዲግሪ የቀረበ ጽሑፍ እንደ ቀዳሚ ኅትመት አይቆጠርም። ሌሎች ደግሞ ያንኑ መልስ ተቀብለው፣ ጸሐፊው የመጣጥፉን ምንጭ በግልጽ እንዲናገር ይጠይቃሉ። የራሱን አቋም ጽፎ ያላስቀመጠ መጽሔት ግን ጥያቄውን ለማሽኑ ይተወዋል፤ ማሽኑም የሚያውቀው ቁጥርን ብቻ ነው።

የማሽኑ አመጣጥና አሠራር

ተርኒቲን የሚባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ ሲጀመር የታሰበው ለመጽሔት አልነበረም። ዓላማው የተማሪዎችን የክፍል ሥራ እርስ በርስና ከኢንተርኔት ጽሑፎች ጋር ማመሳከር ነበር። ለተመራማሪዎችና ለአሳታሚዎች የተዘጋጀው እኅት መሣሪያ አይቴንቲኬት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ክሮስሬፍ የተባለው የአሳታሚዎች ማኅበር ይህንን መሣሪያ ለአባላቱ አቀረበ። የአገልግሎቱ የመጀመሪያ ስም «ክሮስቼክ» ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ግን «የተመሳስሎ ፍተሻ» የሚል ትርጉም ባለው ስም ተተካ። አዲሱ ስም መሣሪያው የሚለካውን ነገር በትክክል ይናገራል። የሚለካው ተመሳስሎን ነው፤ ስርቆት መሆን አለመሆኑን የሚፈርደው ሰው ነው።

ኩባንያዎቹ ዝርዝር አሠራራቸውን ባይገልጹም፣ የዚህ ዓይነት መሣሪያዎች መሠረታዊ መንገድ በኮምፒዩተር ሳይንስ ጽሑፎች የታወቀ ነው። ጽሑፉ በተደራረቡ አጫጭር ቁራጮች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ ቁጥሮቹም በመዝገብ ካሉት ጋር ይመሳከራሉ። ሁለት ጽሑፎች በቂ ቁራጮችን ከተጋሩ የጋራው ስፍራ ቀለም ይቀባል። የቀለሙ ስፋት ለጽሑፉ ጠቅላላ ርዝመት ሲካፈል የመቶኛው ቁጥር ይገኛል።

ይህን በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ላይ ብንሞክረው አንድ ያልተጠበቀ ነገር እናገኛለን። ለምሳሌ ያህል ለዚህ ጽሑፍ ተብሎ የተዘጋጀ የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር እንውሰድ፦ «የጉንደ ወይን አካባቢ ሙሾ አውራጅ ሴቶች ሐዘንተኛውን በስሙ እየጠሩ ያስለቅሳሉ።» ቃላቱ 10 ናቸው። ባለ አምስት ቃል ቁራጮች ብናወጣ፣ ከመጀመሪያው ቃል የሚነሣው አንድ፣ ከሁለተኛው የሚነሣው ሁለት፣ እንዲህ እያልን ስድስት ቁራጮች እናገኛለን። አሁን ሌላ ሰው ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ገልብጦ ሰባተኛውን ቃል ብቻ በሌላው «ሀ» ቢጽፈውና «ሀዘንተኛውን» ቢለው፣ ያ ቃል ያለባቸው አራት ቁራጮች ሁሉ ከመጀመሪያው ጋር መመሳሰላቸው ይቀራል። የሚቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ከዚህ ላይ «አውራጅ» የሚለውን «አዉራጅ» ብሎ ቢጽፈው እነዚያም ሁለቱ ይጠፋሉ። እንግዲህ ዓረፍተ ነገሩ ለአንባቢ አንድ ቃል ሳይለወጥ፣ ለማሽኑ ግን ፍጹም አዲስ ሆነ ማለት ነው። ይህ እንዳይሆን መሣሪያው ሞክሼ ፊደላትን አስቀድሞ ወደ አንድ መመለስ ይኖርበታል፤ ለአማርኛ ታስቦ ባልተሠራ መሣሪያ ላይ ይህን መጠበቅ አይቻልም።

ሌላው ዕንቅፋት ከኮምፒዩተር ፊደላችን ታሪክ የመነጨ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ መሥሪያ ቤቶችም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ አማርኛ የሚጻፈው የላቲን ፊደላትን ቦታ በሚጠቀሙ የግእዝ ፎንቶች ነበር። እንዲህ የተጻፈ ሰነድ ሲታተም ጥሩ አማርኛ ነው፤ ከኮምፒዩተሩ ውስጥ ጽሑፉ ሲወጣ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። ከእሱም የባሰው በታይፕ ተመትቶ ኋላ ፎቶግራፍ የተነሣው ጽሑፍ ነው፤ ለማሽኑ እሱ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደለም።

ውጤቱ የሚያስገርም ፍትሕ አልባነት ነው። በታይፕ ዘመን የተጻፈን የሌላ ሰው የአማርኛ ጥናት እንዳለ የገለበጠ ሰው በዝቅተኛ ቁጥር ሊያልፍ ይችላል። ጽሑፉን በዩኒኮድ የጻፈና በማከማቻ ያስቀመጠ፣ ፊደሉንም ሳይለዋውጥ በወጥነት የሚጠቀም ተመራቂ ግን የራሱን ምዕራፍ ሲያሳትም በከፍተኛ ቁጥር ይያዛል። ቋንቋውን የለወጠም እንዲሁ ያመልጣል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ በአማርኛ ሲቀርብ ማሽኑ ዝምድናቸውን አያውቅም።

የጉንደ ወይን ሙሾ፦ አንድ ምሳሌ

አሁን አንድ ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንከተል። ጉዳዩ ለማስረጃነት የታሰበ እንጂ በአንድ ሰው ላይ የደረሰ አይደለም። አንዲት ተመራማሪ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ በጉንደ ወይን አካባቢ የሚወርዱ ሙሾዎችን ሰብስባ ተንትናለች እንበል። ጽሑፏ በዩኒቨርሲቲዋ ማከማቻ ይገኛል። ከሁለት ዓመት በኋላ አንዱን ምዕራፍ በ6,000 ቃላት መጣጥፍ አድርጋ ለመጽሔት ላከች። ፍተሻው 38 በመቶ አለ። መጽሔቱ ያስቀመጠው ጣሪያ 20 በመቶ ቢሆን ኖሮ ጽሑፉ በዚሁ ይመለስ ነበር። የእኛ አርታኢ ግን ቁጥሩን ትቶ ዘገባውን ከፈተ እንበል።

ዘገባው ሲከፈት 38ቱ በአራት ይከፈላል። 21 በመቶው፣ ማለትም 1,260 ቃላት፣ ከራሷ የመመረቂያ ጽሑፍ ጋር ይመሳሰላል። 9 በመቶው፣ ማለትም 540 ቃላት፣ የተጠቀሱት የሙሾ ግጥሞች ናቸው። 5 በመቶው፣ ማለትም 300 ቃላት፣ በሌላ ሰው ስለ አካባቢው ከተጻፈ ጥናት ጋር ይገጥማል። የቀረው 3 በመቶ፣ 180 ቃላት፣ እንደ «የዚህ ጥናት ዋና ዓላማ» ያሉ ማንም የሚጽፋቸው ሐረጎች ናቸው። የመጨረሻውን ማንም አያነሣውም።

ግጥሞቹን በተመለከተ የአርታኢው ጥያቄ አጭር ነው፦ ከማን፣ የትና መቼ እንደተሰበሰቡ ተጽፏልን? ቃላዊ ግጥም ቃል በቃል ካልተጠቀሰ ማስረጃነቱ ይጠፋል። ተመሳስሎን ለመቀነስ ሲባል የአልቃሿን ቃል መለዋወጥ ማስረጃን ማበላሸት ነው። ስለዚህ ይህ 9 በመቶ መኖር ያለበት ነው፤ ባይኖር ኖሮ አርታኢው ሊጠራጠር ይገባ ነበር።

ወደ 21ዱ በመቶ ስንመጣ፣ አርታኢው የሚያየው የተመሳሰለው ክፍል የት እንዳለ ነው። 700ው ቃል መረጃው እንዴት እንደተሰበሰበ የሚገልጸው ክፍል ሲሆን፣ 560ው ደግሞ ትንታኔው ውስጥ ነው። የአሰባሰቡን ዘዴ በአዲስ ቃላት መጻፍ ለማንም አይጠቅምም፤ እንዲያውም አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ በተለያየ አገላለጽ መግለጽ አንባቢን ሁለት የመስክ ጉዞዎች የነበሩ ሊያስመስለው ይችላል። የትንታኔው መመሳሰል ደግሞ የሚጠበቅ ነው፤ መጣጥፉ የወጣው ከዚያው ጥናት ነውና። የጎደለው አንድ ነገር ነው። መጣጥፉ ስለ መመረቂያ ጽሑፉ አንድም ቃል አልተናገረም። ይህም «ይህ መጣጥፍ ጸሐፊዋ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ካቀረበችው ጥናት የተወሰደ ነው» በሚል አንድ ማስታወሻ ይስተካከላል። የቅኔ ቤቱ ሕግ እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፤ አሮጌነቱ የተነገረ አሮጌ ነገር ማንንም አያታልልም።

በዚህ ማስታወሻ ላይ አንድ የአሠራር ጥንቃቄ አለ። ገምጋሚዎች የጸሐፊውን ማንነት ሳያውቁ በሚመዝኑበት መጽሔት፣ ማስታወሻው ከመጣጥፉ ጋር ከተላከ ስሟን ያወጣል። ስለሆነም መጀመሪያ ለአርታኢው በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ ይሰፍራል፤ ወደ መጣጥፉ የሚገባው ግምገማው ካለቀ በኋላ ነው። በዚሁ ምክንያት የፍተሻው ዘገባ ራሱ ለገምጋሚ መላክ የለበትም፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ርእስና የባለቤቷ ስም እዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛልና።

የቀረው 5 በመቶ ነው። ከቁጥሮቹ ትንሽ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ አርታኢውን ረጅም ጊዜ የሚወስደው ግን እሱ ነው። 300ው ቃል ሁለት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። 60ው ቃል ጉንደ ወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ መሆኗን፣ ወረዳውም በምሥራቅ ከእነብሴ ሳር ምድር፣ በደቡብ ከእናርጅ እናውጋ፣ በምዕራብ ከሁለት እጁ እነሴ እንደሚዋሰን፣ በሰሜንም በዓባይ እንደሚከለል ይናገራል። ድንበርን በሌላ መልክ ልጻፍ ቢሉ የሚገኘው የተበላሸ ዓረፍተ ነገር ነው። ይህ ክፍል ነጻ ነው። የቀሩት 240 ቃላት ግን ሐዘንተኞች ከየቀበሌው ወደ ለቅሶ ቤት የሚመጡበትን ሥርዓትና የሙሾው ተራ እንዴት እንደሚያዝ ይተርካሉ። ይህ በዓይን ታይቶ የተጻፈ የሌላ ተመራማሪ ምልከታ ነው። መጣጥፉ ግን ስሙን ሳይጠቅስ፣ ቃሉን ሳይለውጥ ወስዶታል። በመመረቂያ ጽሑፉም ውስጥ እንዲሁ ያለ ምንጭ ሰፍሮ ይገኛል።

ከዚህ ላይ የቁጥሩ አሳሳችነት ግልጽ ሆኖ ይታያል። ከ38 በመቶ ውስጥ እውነተኛው ጥፋት 4 በመቶ ብቻ ነው፤ 240 ለ6,000 ማለት ነውና። ይህች ጸሐፊ ጣሪያውን ለማለፍ የራሷን ቃላት ብትለዋውጥና ግጥሞቹን ብታሳጥር ኖሮ፣ ጥፋቷን ሳትነካ ወደ 15 በመቶ ወርዳ ማለፍ ትችል ነበር። ሌላውን 21 በመቶ ዓይቶ የደነገጠ አርታኢ ደግሞ ሊያስቀይር የሚገባውን ሳያስቀይር፣ ሊተወው የሚገባውን ያስቀይራል። ትክክለኛው መንገድ ጸሐፊዋ 240ውን ቃል ከባለቤቱ ጠቅሳ በራሷ ቃል እንድታሳጥረው ወይም በትእምርተ ጥቅስ እንድታስገባው መጠየቅ ነው። የመመረቂያው ጉዳይ ለዩኒቨርሲቲዋ መቅረብ ይኖርበት እንደሆነም አርታኢው ያስብበታል።

አንዳንድ ጊዜ ዘገባው ለአርታኢው ሊከፈት የማይችል ምንጭ ያሳያል። የመመረቂያ ጽሑፏ በዩኒቨርሲቲዋ ሲፈተሽ በመሣሪያው የተማሪዎች መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ፣ ኋላ መጣጥፉ ሲፈተሽ «ለአንድ ዩኒቨርሲቲ የቀረበ የተማሪ ሥራ» ተብሎ ይመጣል፤ ባለቤቱ ግን አይታይም። ምንጩ የራሷ ይሁን የሌላ መለየት የሚቻለው ጸሐፊዋን ጠይቆ የመመረቂያ ጽሑፏን ከፊት በማስቀመጥ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ዘገባ ዓይቶ ሳይጠይቁ መፍረድ ሰውን በገዛ ጥላው መክሰስ ይሆናል።

ከአንድ ጽሑፍ ብዙ መጣጥፎች

እስካሁን የተነገረው ከመመረቂያ ጽሑፍ ወደ መጀመሪያው መጣጥፍ ስለሚደረገው ጉዞ ነው። ሁለተኛው መጣጥፍ ከዚያው ጥናት ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። አሁን የሚነጻጸሩት ሁለት የመጽሔት መጣጥፎች ናቸው፤ ሁለቱም አዲስ ነገር ይጠበቅባቸዋል። በመጀመሪያው የቀረቡት ግጥሞችና የተደረሰበት መደምደሚያ በሁለተኛው ያለ መጥቀስ ቢመለሱ፣ ይህ ያለ ጥርጥር አንድን ጥናት ሁለት ጊዜ ማሳተም ነው።

በዱክ ዩኒቨርሲቲ በኬሪ ሞስኮቪትዝ የተመራ የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የራስን ጽሑፍ መልሶ መጠቀምን በአራት ከፍሎታል። ካልታተመ ሥራ ወደ አዲስ ሥራ መውሰድ አንዱ ነው። ከታተመ ሥራ የተወሰነ ክፍል ወስዶ አዲስ አስተዋጽኦ ያለው ሥራ መሥራት ሁለተኛው ነው። አንዱን የታተመ ሥራ ለሌላ አንባቢ ወይም በሌላ መልክ ማቅረብ ሦስተኛው ነው። ያንኑ ሥራ ለዚያው አንባቢ ደግሞ ማሳተም ደግሞ አራተኛው ነው። በዚህ አከፋፈል የመጨረሻው ብቻ በጠባዩ የሚነቀፍ ሲሆን፣ ሌሎቹ የሚመዘኑት በግልጽነታቸውና በባለመብቱ ፈቃድ ነው። «የራስን ጽሑፍ መስረቅ» የሚለው አነጋገር አራቱን በአንድ ከረጢት ስለሚከት፣ ቡድኑ «ጽሑፍን መልሶ መጠቀም» የሚለውን መርጧል።

በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዘንድም ልዩነቱ አለ። የሥራው አመንጪ መጀመሪያ የመብቱ ባለቤት ነው፤ የኢኮኖሚ መብቱን ግን በውል ለሌላ ማስተላለፍ ይችላል። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፉን ወደ መጣጥፍ የሚለውጥ ሰው በአብዛኛው የራሱን ንብረት ያዛውራል። መብቱን ለመጽሔት አስተላልፎ ከፈረመ በኋላ ግን ያንኑ መጣጥፍ የመጽሐፍ ምዕራፍ ሲያደርገው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ብዙ ጸሐፊዎች የሚጠነቀቁት በመጀመሪያው ላይ ነው፤ የሚሳሳቱት ግን በሁለተኛው ላይ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በታይፕ ተመትቶ በመደርደሪያ ከሚቀመጥበት ዘመን ለሁሉም ክፍት እስከሆነበት ዘመን ድረስ፣ ወደ መጣጥፍ የመለወጡ ሥራ ባሕርዩ አልተለወጠም። የተለወጠው የሚያየው ዓይን ነው። አዲሱ ዓይን ደግሞ አማርኛን በከፊል ብቻ ያያል። የታይፕን ዘመን አያይም፤ ሞክሼ ፊደልን እንደ ልዩ ቃል ይቆጥራል፤ ትርጉምን አያውቅም። በደንብ የሚያየው በቅርቡ በዩኒኮድ የተጻፈውን የወጣቱን ተመራቂ ሥራ ነው።

ስለሆነም በአማርኛ መጽሔቶች ዘንድ ተገቢ የሚሆነው የመቶኛ ጣሪያን ትቶ ዘገባውን በምንጭ በምንጭ መክፈት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እንደ ቀዳሚ ኅትመት አለመቆጠሩን በመጽሔቱ ደንብ ላይ በጽሑፍ ማስፈር፣ ከጸሐፊው ደግሞ የምንጭ ማስታወሻ መጠየቅ ነው። ለታይፕ ዘመን ጥናቶች ግን ማሽን አይተማመኑበትም። የዚያ ዘመን ጥናቶችን አንብቦ የሚያስታውስ ገምጋሚ፣ ልክ እንደ ቅኔው መምህር ጆሮ፣ ዛሬም ብቸኛው መፈተሻ ነው። አርታኢው ስለ ጎጃም ቃላዊ ግጥም የተጻፈ መጣጥፍ ሲደርሰው፣ ከመደርደሪያ ላይ ያለውን አሮጌ ጥናት የሚያውቅ አንድ ገምጋሚ ቢመርጥ፣ ምንም ቁጥር የማያሳየውን ነገር ያገኝ ይሆናል።